ሌዘር ፕሪንተር መስመር ሲያወጣ፦ ድራሙ ነው፣ ቶነሩ ነው ወይስ ፊውዘሩ?

ጎረቤቴ ከኮንዶሚኒየማችን ሥር ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አላት። ሰኔ ላይ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያሳትሙ ተማሪዎች በተሰለፉበት ሰሞን፣ ሌዘር ፕሪንተሯ ቀጭን ጥቁር መስመር ማውጣት ጀመረ። መስመሩ ከወረቀቱ ቀኝ ጠርዝ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። «ሁለት ጊዜ ቀለም አስሞላሁ፤ ያው ነው» አለችኝ። አንድ ባለሙያ ደግሞ በስልክ ሰምቶ «ፊውዘሩ ነው፣ ይቀየር» ብሏታል። ፊውዘር እንደ ቀለም በየወሩ የሚገዛ ዕቃ አይደለም፤ ዋጋው ያስደነግጣል።

እኔ የነገርኳት አንድ ነገር ብቻ ነው። ምንም ከመግዛትሽ በፊት ወረቀቱን መሃል መንገድ ላይ አስቁሚውና መስመሩ የት እንደተወለደ እይ። ይህ ሙከራ ገንዘብ አይጠይቅም።

ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ምን ይሆናል?

ሙከራው እንዲገባችሁ የወረቀቱን ጉዞ ማወቅ አለባችሁ። ድራም የሚባለው አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም ያለው አብረቅራቂ ሲሊንደር ነው። መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይሞላል። ከዚያ የሌዘር ብርሃን ፊደል በሚታተምበት ቦታ ሁሉ እየነካ ያንን ኤሌክትሪክ ያጠፋዋል። የቶነር ዱቄት የሚለጠፈው ብርሃን በነካው ቦታ ላይ ነው። ድራሙ ዱቄቱን ለወረቀቱ ያስረክባል። እስካሁን ግን ዱቄቱ ወረቀቱ ላይ ተበትኖ የተቀመጠ ብናኝ ነው፤ በጣት ቢነኩት ይጠፋል። ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ የሚግለው ፊውዘር ነው አቅልጦና ተጭኖ የሚያጣብቀው። ድራሙ ላይ የተረፈውን ዱቄት ደግሞ ብሌድ የሚሉት ስስ ላስቲክ ጠርጎ ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ይከተዋል።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይወጣል። ነጭ ወይም የደበዘዘ መስመር ማለት እዚያ ቦታ ላይ ወይ ብርሃን አልደረሰም፣ ወይ ዱቄት አልደረሰም ማለት ነው። ጥቁር መስመር ማለት ደግሞ መለጠፍ የሌለበት ዱቄት ተለጥፏል፣ ወይም መጠረግ የነበረበት ሳይጠረግ ቀርቷል። ስለዚህ የሌዘሩ መስታወት ላይ ያረፈ አቧራ ነጭ መስመር እንጂ ጥቁር መስመር አያመጣም። ብዙ ሰው ጥቁር መስመር አይቶ መስታወት ሲወለውል ይውላል።

መጀመሪያ፦ ጥፋቱ የፕሪንተሩ መሆኑን አረጋግጡ

ማሽናችሁ ኮፒም የሚያደርግ ከሆነ ከኮምፒውተር አንድ ገጽ አትሙ። መስመሩ ኮፒ ላይ ብቻ ከታየና ከኮምፒውተር ሲታተም ከሌለ ድራሙንም ፊውዘሩንም ተዉአቸው። ወረቀት ከላይ እየሳበ የሚያነበው ክፍል ሥር ጣት የምታክል ጠባብ መስታወት አለች። እሷ ላይ የኮሬክሽን ፈሳሽ ወይም የእስክሪብቶ ጠብታ ደርቆ ይሆናል። በትንሹ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ስትጸዳ ጉዳዩ አለቀ።

የጎረቤቴ መስመር በሁለቱም ይታይ ስለነበር ወደ ዋናው ሙከራ ገባን።

ወረቀቱን መሃል ላይ ማቆም

የምታትሙትን ገጽ በመስመሩ ዓይነት ምረጡ። መስመሩ ጥቁር ከሆነ ጥቂት ቃላት ብቻ ያሉበት ባዶ የሚመስል ገጽ ይሻላል። ነጭ ከሆነ ግን ሙሉ በሙሉ ግራጫ የተቀባ ገጽ አዘጋጁ፤ ዎርድ ላይ አንድ ትልቅ ሬክታንግል ስሎ ግራጫ መሙላት ይበቃል። ነጭ መስመርን በጽሑፍ ገጽ ላይ መፈለግ ዓይን ማድከም ነው።

አትሙት፤ ወረቀቱ ከትሪው ተስቦ ሲገባ ጆሯችሁን ጣሉ። የወረቀቱ ጫፍ በመውጫው በኩል ብቅ ማለት ሲጀምር የፊት ክዳኑን ክፈቱ። ፕሪንተሩ ወዲያው ይቆማል። ያኔ ሶኬቱን ንቀሉ። ካርትሪጁን በቀስታ አውጥታችሁ ወረቀት አልብሱት፤ ድራሙ ብርሃን አይወድም፣ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን ፀሐይ እንዳያየው። የሚያብረቀርቀውን ገላውን በጣት አትንኩ። ከኋላ በኩል ያለው ፊውዘር ይፈጃል፤ እጃችሁን ወደዚያ አትስደዱ። የወረቀቱ ጫፍ እዚያ ከተነከሰ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ወረቀቱን ገጹን ሳትነኩ፣ ሳታንሻትቱ ሳቡት። መጀመሪያ ሞክራችሁ ሰዓቱ ካልሰመረ ድገሙት። እኛም ለሦስተኛ ጊዜ ነው የተሳካልን።

አሁን ወረቀቱ ላይ ሦስት ክፍል ታያላችሁ። ፊቱ በፊውዘሩ ያለፈና የደረቀ ነው። መሃሉ ዱቄቱ ገና ያልተጣበቀ ነው። ኋላው ገና ምንም አልነካውም። ዓይናችሁን መሃሉ ላይ አሳርፉ።

መስመሩ መሃሉ ላይ፣ ገና ባልተጣበቀው ዱቄት ውስጥ ካለ ፊውዘሩ ነፃ ነው። መስመሩ ፊውዘር ከመድረሱ በፊት ተወልዷል። መሃሉ ንጹሕ ሆኖ መስመሩ የደረቀው ክፍል ላይ ብቻ ካለ ጥፋተኛው ፊውዘር ነው።

የጎረቤቴ ወረቀት ላይ መስመሩ መሃሉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። የፊውዘሩ ግዢ እዚያው ቀረ።

ጥቁር መስመር፣ መነሻው ድራሙ አካባቢ ሲሆን

ካርትሪጁ ላይ ያለችውን ትንሽ የድራም ክዳን ገለጥ አድርጋችሁ ሲሊንደሩን በደብዛዛ ብርሃን ተመልከቱ። እኛ ስናየው መስመሩ ባለበት ቦታ ልክ ድራሙን የሚዞር ፀጉር የምታህል ጭረት ነበረች። ጭረቷ ላይም ዱቄት ተጋግሯል። ብሌዱ እዚያች ቦታ ላይ ተበልቶ፣ ሳይጠርግ እያለፈ ድራሙን ይቧጥጠው ነበር። ሁለት ጊዜ ሲሞላ ማንም ብሌዱን አልቀየረም። የቆሻሻ ማጠራቀሚያውም ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ቀለም መሙላት ይህን ሊፈታው አይችልም።

እንደ ኤችፒ 12ኤ ወይም 85ኤ ባሉ ካርትሪጆች ድራሙ፣ ብሌዱና ቶነሩ አንድ ላይ ነው የታሸጉት። እነዚህን ስታስሞሉ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የቆሻሻ ዱቄቱ ተደፍቷል? ብሌዱ ተቀይሯል? ድራሙስ? «ዱቄት ብቻ ነው የጨመርኩት» ከተባላችሁ መስመሩን አብራችሁ ይዛችሁ ነው የምትመለሱት። እንደ 17ኤ ባሉት ግን ቶነሩ ለብቻው፣ ድራሙ 19ኤ ተብሎ ለብቻው ነው። የአምራቹ ግምት ለቶነሩ 1,600 ገጽ፣ ለድራሙ 12,000 ገጽ ነው። እዚህ ላይ ቶነር ደጋግሞ መቀየር የድራምን ጭረት አያስተካክልም።

የብራዘር ፕሪንተር ያላችሁ ሌላ ነገር ቀድማችሁ ሞክሩ። ድራሙን የሚሞላው ቀጭን ሽቦ ሲቆሽሽ መስመር ያወጣል። ድራሙ ላይ ያለችውን አረንጓዴ መጎተቻ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አሥር ጊዜ ያህል አመላልሱና ቀስት ወዳለበት መነሻ ቦታዋ መልሷት። መሃል ላይ ከተዋችኋት እሷ ራሷ ጥቁር መስመር ታወጣለች።

ያያችሁት መስመር ሳይሆን በእኩል ርቀት የሚደጋገም ነጥብ ከሆነ ማስመሪያ አምጡ። የአነስተኛ ፕሪንተሮች ድራም ዙሪያው ብዙ ጊዜ 75 ወይም 94 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ነጥቡ በዚህ ርቀት ከተደገመ ድራሙ ላይ አንድ ቦታ ቆስሏል።

ነጭ ወይም የደበዘዘ መስመር

ካርትሪጁን አውጥታችሁ አግድም ይዛችሁ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አምስት ስድስት ጊዜ በቀስታ ወዝውዙትና ግራጫውን ገጽ እንደገና አትሙ። መስመሩ ከጠፋ፣ ከጠበበ ወይም ቦታ ከቀየረ ቶነሩ እያለቀ ነው፤ ወይም አንድ ጥግ ላይ ተጠራቅሞ ነበር። ውዝወዛው ጥቂት ገጽ ያሳትማችኋል እንጂ አያዘልቅም።

ቢወዘወዝም ካልተነቃነቀ ሌላ ካርትሪጅ ተዋሱ። ከጓደኛ ቢሮ የተወሰደ፣ በደንብ የሚሠራ ተመሳሳይ ካርትሪጅ ከሁሉም የተሻለ መመርመሪያ ነው። በእሱም ነጩ መስመር በዚያው ቦታ ከቀጠለ ካርትሪጁ ንጹሕ ነው። ብርሃኑ የሚወጣበት ጠባብ መስታወት ላይ አቧራ፣ ፀጉር ወይም የሸረሪት ድር ሳይኖር አይቀርም። ሶኬቱ ተነቅሎ መስታወቱ በእጅ የሚደረስ ከሆነ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አንድ ጊዜ ጥረጉት። የታሸገውን የሌዘር ሳጥን ግን አትክፈቱ፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

ፊውዘሩ ሲሆን

የፊውዘር ሕመም የራሱ ምልክት አለው። የታተመውን ጽሑፍ በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ እሹት። ዱቄቱ ከተላቀቀ በደንብ አልቀለጠም። ግን ወዲያው ፊውዘሩን አትፍረዱበት። ወረቀታችሁ ወፍራም ሆኖ ሴቲንጉ ላይ ተራ ወረቀት ተብሎ ከተመረጠ፣ ወይም ክረምት ላይ ወረቀቱ እርጥበት ከጠጣ ተመሳሳይ ነገር ይመጣል። ከአዲስ እሽግ ደረቅ ወረቀት አድርጋችሁ፣ የወረቀቱን ዓይነት አስተካክላችሁ ድገሙት። በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ብቻ እየተላቀቀ ወይም እየተሻሸ ከቀጠለ ፊውዘሩ ላይ የሚዞረው ስስ ሽፋን ተቀድዷል።

ይህን ሽፋን ከሚቀዱት ነገሮች ዋናው ስቴፕል ነው። በጀርባው ሊታተምበት የተመለሰ አሮጌ ወረቀት ላይ የቀረች አንዲት ሽቦ ትበቃለች። ጎረቤቴ የወረቀት ቁጠባ ብላ የምታስቀምጠውን ክምር አገላብጬ ሦስት አግኝቼበታለሁ። የተቀደደ ሽፋን አይጠገንም፤ ወይ ሽፋኑ ወይ ሙሉ ፊውዘሩ ይቀየራል፣ ያም በባለሙያ እጅ።

ስትሠሩ ዱቄት ከፈሰሰ በደረቅ ጨርቅ ሰብስቡት፤ እጅና ልብስ በቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚታጠበው። ሙቅ ውኃ ዱቄቱን ያጣብቀዋል። የቤት ቫኪዩምም አይሆንም፤ ዱቄቱ ከማጣሪያው ስለሚደቅ መልሶ ወደ አየር ይበትነዋል።

ጎረቤቴ በማግስቱ ካርትሪጁን ይዛ ሄዳ ድራሙንና ብሌዱን አስቀየረች፤ ቆሻሻውንም አስደፋች። አምስት ባዶ ገጽ አተምን። አንደኛው ላይ ቀጭን ጥላ ነበር። ከሁለተኛው ጀምሮ ወረቀቱ ነጭ ወጣ።