ቅርፊት እየሰጠናቸው እንቁላሉ ለምን ይሳሳል?

እንቁላሉ ስስ ነው፤ ሲያነሱት ይሰነጠቃል

ደሴ ሆጤ ያሉ ጎረቤቴ ስድስት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሏቸው። የቤታቸውን የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት እስኪሆን በሙቀጫ ይወቅጡና ከፉርሽካ ጋር ይቀላቅሉላቸዋል። እንቁላሉ ግን ገና ከጎጆው ሲያነሱት ጣታቸው ስር ይሰነጠቃል። "ካልሲየም እየሰጠኋቸው ምን ሆነው ነው?" አሉኝ።

አንዱ ጥፋት ዱቄቱ ነው። ዶሮ ቅርፊቱን በአብዛኛው የምትሠራው ሌሊት ነው፤ ያኔ ደግሞ አትበላም። ዱቄት ቶሎ ከሆዷ ያልፋል። ቅንጬ የሚያህል ስብርባሪ ግን ጨጓራዋ ውስጥ ቆይቶ ሌሊቱን ቀስ እያለ ይሟሟል። ስለዚህ ለዶሮ መክካት እንጂ ማድቀቅ አያስፈልግም። በወንፊት ይንፉት፤ የወረደው ዱቄት ለጓሮ ይሁን።

ሌላው ሂሳቡ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በየቀኑ የምትጥል ዶሮ በቀን 4 ግራም ገደማ ካልሲየም ትፈልጋለች። አንድ ቅርፊት 5 ወይም 6 ግራም ቢመዝን ካልሲየሙ 2 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ለአንድ ዶሮ በቀን ሁለት ቅርፊት ማለት ነው። የምትጥለው ግን ቢበዛ አንድ ነው፤ የበላችውም ሁሉ ሰውነቷ ውስጥ አይቀርም። የጎረቤቴ ስድስቱ ፉርሽካ ላይ ብቻ ከሆኑ በቀን 12 ቅርፊት ያስፈልጋቸዋል። ከቤት ይህን ያህል ከየት ይመጣል? ከቁርስ ቤት ወይም ከኬክ ቤት ይለምኑ፣ አለዚያ ለመኖ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ይግዙ። ግድግዳ የሚቀባው ኖራ ግን ያቃጥላል፤ እሱን እንዳያስጠጉ። የሐበሻ ዶሮ አልፎ አልፎ ስለምትጥል ከዚህ ባነሰ ይበቃታል። ለእንቁላል ጣይ የተዘጋጀ መኖ ከገዙም ካልሲየሙ አብሮ ገብቷል።

የተከካውን ከመኖው ጋር አይቀላቅሉት። በተለየ ጣሳ ያስቀምጡላቸው፤ የፈለገችው ትለቅማለች። ጫጩትና መጣል ያልጀመረች ቄብ ግን ባትደርስበት ይሻላል። የካልሲየም ብዛት ኩላሊቷን ይጎዳል።

እንቁላሉ በድንገት ቢሳሳና ዶሮዎቹ ቢያስሉ ወይም ትንፋሽ ቢያጥራቸው ቅርፊት መፍትሄ አይሆንም። ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ።

የተጠራቀመው ቅርፊት ይሸታል

ምክንያቱ ውስጡ የቀረው ነጩ ፈሳሽ ነው። ከሽታው ይልቅ የሚያስፈራው ሳልሞኔላ ነው፤ ሰውንም ዶሮንም ይይዛል። ከሌላ ቤት የመጣ ጥሬ ቅርፊት ደግሞ ፈንግልን ሊያስገባ ይችላል። በረኪና ውስጥ አይዘፍዝፉት፤ ሙቀት ይበቃዋል።

በተሰበረበት ቀን በውሃ ያለቅልቁት። ከዚያ ለዚሁ በተለየ ድስት ይቀቅሉት፤ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 10 ደቂቃ ይቁጠሩ። ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህም ሳልሞኔላን ለመግደል ይበቃል። አጥልለው በአሮጌ ምጣድ ላይ በዝግታ እሳት እያገላበጡ ያድርቁት። ውስጡ ያለውን ስስ ቆዳ መላጥ አያስፈልግም። መድረቁን በጣት ይለዩታል፦ ሲጫኑት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ቆዳው ይዞት ከተጣጠፈ ገና ነው። በተለይ በክረምት በደሴ ጉም ፀሐይን አምነው ቢያሰጡት ይሻግታል። ሲወቅጡ አቧራው እንዳይገባ አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ ጥሬውን ከነኩ በኋላም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

ዶሮዎቹ እንቁላላቸውን መብላት ጀመሩ

ግማሽ ቅርፊት እንዳለ ሲወረወርላቸው ከእንቁላሉ ጋር ያገናኙታል። ቅርጹ እስኪጠፋ ይክኩት። ስስ እንቁላል ራሱ ጎጆ ውስጥ ተሰብሮ ስለሚያስለምዳቸው ጠዋት ጠዋት ቶሎ ቶሎ ይልቀሙ።

ኮምቦልቻ፦ የቲማቲሙ ታች ጠቆረ

ፍሬው ከታች በኩል ጠቁሮ ቆዳ ይመስላል። ካልሲየም ፍሬው ላይ አልደረሰም ማለት ነው። አፈሩ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ የሚያደርሰው ውሃ ነው የተቆራረጠው። ኮምቦልቻ ሙቀቷ ከደሴ ስለሚበልጥ ሦስት ቀን አድርቆ በአራተኛው ማጥለቅለቅ ተክሉን ይጎዳዋል። በመጠኑ፣ ሳያቋርጡ ያጠጡ፤ ግንዱ ዙሪያ ገለባ ያልብሱ። የጠቆረው አይድንም፤ ይቅጠፉት። አዲሱን ፍሬ ይመልከቱ።

ዙሪያውን የበተኑት የቅርፊት ስብርባሪ ለዘንድሮ ቲማቲም አይደርስም። ለዓመታት ሳይሟሟ ሊቆይ ይችላል። ከወንፊቱ የወረደውን ዱቄት ግን ችግኝ ከመትከልዎ ወራት ቀድመው ከአፈሩ ጋር ያዋህዱት። እሱም የሚሟሟው ኮምጣጣ አፈር ላይ ነው፤ አፈርዎ ኮምጣጣ ካልሆነ ዱቄቱም ብዙ አይረዳም።