የቴሲስ ሊሚቴሽን፦ ድክመቱን እያመናችሁ ጥናቱን እንዳትጥሉት (ችግርና መፍትሄ)

ያለ ምሳሌ ስለ ሊሚቴሽን ማውራት ብዙም ስለማያስኬድ አንድ ጥናት ይዘን እንሂድ፣ ጤና ላይ ያላችሁ በደንብ የምታውቁት አይነት ነው። ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ የመጡ እናቶች የአይረን ፎሌት ክኒናቸውን በአግባቡ ይወስዳሉ ወይ የሚል። ዲዛይኑ ክሮስ ሴክሽናል፣ ሳምፕሉ ያው የለመድናት 423 (50 ፐርሰንት ፕሮፖርሽን፣ 5 ፐርሰንት ማርጅን፣ 10 ፐርሰንት ኖን ሪስፖንስ ተጨምሮባት)። 400 እናቶች መለሱ እንበል፣ ከነሱ ውስጥ ባለፈው ወር በሳምንት 4 ቀንና ከዛ በላይ ወስጃለሁ ያሉት 240፣ ማለትም 60 ፐርሰንት። 4 ጊዜና ከዛ በላይ ክትትል ያደረጉት ላይ ደግሞ ኦድስ ሬሾው 2 ወጣ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያመጣኋቸው ናቸው፣ የማንም ዳታ አይደሉም።

ምልክት፦ ሊሚቴሽናችሁ የማንም ቴሲስ ላይ ቢለጠፍ ይሄዳል

"ጥናቱ ክሮስ ሴክሽናል ስለሆነ መንስኤና ውጤትን አያሳይም። ሪኮል ባያስና ሶሻል ዲዛይራቢሊቲ ባያስ ሊኖር ይችላል።" አለቀ። ርዕሱን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ይቺን አንብቧት፣ ስለ ክኒን ይሁን ስለ ሲጋራ ይሁን ስለ እጅ መታጠብ አይታወቅም። ዲፌንስ ላይ ኤግዛሚነሩ "እሺ፣ ታዲያ የቱን ውጤትህን ነው የማላምነው?" ሲል ዝም የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

መንስኤ፦ የባያሱ ስም ተጽፏል እንጂ ከየትኛው ቁጥር ጋር እንደሚገናኝ አልተነገረም። ስሙ ብቻውን ሲቀመጥ አንባቢው ጥርጣሬውን ጥናቱ ላይ በሙሉ ይረጨዋል፣ እና ድክመትን ማመን ጥናትን የሚጥል የሚመስለን እዚህ ጋ ነው።

መፍትሄ፦ አቅጣጫውን ጻፉ። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ እንደዚህ ያለ ጥናት ሲጻፍ ምን መካተት እንዳለበት የሚዘረዝረው የስትሮብ ቼክሊስት ተራ ቁጥር 19 ላይ የሚጠይቀው ይሄንኑ ነው፣ ባያሱ ወዴት እንደሚገፋና ምን ያህል እንደሚገፋ ተወያዩ ይላል፣ ብዙ ሰው ግን ቼክሊስቱን አባሪ ላይ አያይዞ ይቺን ያልፋታል።

በኛ ጥናት እንሞክረው። እናትየው ክኒኑን የሰጠቻት ነርስ ባለችበት ግቢ ውስጥ "ትወስጃለሽ?" ስትባል "አዎ" ማለት ይቀላታል፣ ስለዚህ 60ው ከእውነቱ ከፍ ብሎ ነው የሚሆነው። ሁለተኛ፣ ጤና ጣቢያ ጭራሽ የማትመጣዋ እናት ጥናታችን ውስጥ የለችም፣ እሷ ደግሞ ክኒኑን የማግኘቷም እድል ዝቅ ያለ ነው፣ ስለዚህ አካባቢውን በሙሉ ብናይ ቁጥሩ አሁንም ይወርዳል። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ገፉ ማለት ነው። እንግዲህ ዋናው መልእክታችሁ "ከ10 እናቶች 4ቱ በአግባቡ አይወስዱም" ከሆነ ድክመቱ መልእክቱን አያፈርሰውም፣ እንደውም ችግሩ ቢያንስ ይሄን ያህል ነው፣ ከዚህም ሊብስ ይችላል ለማለት ያስችላችኋል። በነገራችን ላይ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (እዚህ ከ55 እስከ 65 አካባቢ ነው) ይሄን አይሸፍንም፣ እሱ የሚናገረው ስለ ሳምፕሊንግ እድል ብቻ ነው፣ ለባያስ ምንም አያውቅም።

ኦድስ ሬሾው ላይ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም፣ እዚህ ነው ሀቀኝነት የሚጠይቀው። ሁለቱም ቡድን እኩል አጋኖ ቢመልስ 2 የምትለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ወደ 1 ትጠጋለች፣ ማለትም እውነተኛው ዝምድና ከዚህ ሊጠነክር ይችላል። ግን ደጋግማ የመጣችው እናት ምክሩን ደጋግማ ስለሰማች የሚጠበቅባትን መልስ ይበልጥ ታውቀዋለች፣ የምታጋንነው እሷ ብቻ ከሆነች 2ቷ የተነፋች ናት። የቱ እንደሆነ ከዳታው መለየት ካልተቻለ አይቻልም ብሎ መጻፍ ነው፣ ሁልጊዜ "ውጤታችንን ያሳነሰው ነው" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እኔ ራሴ አላምነውም።

ሲጻፍ እንዲህ ሊመስል ይችላል፦

"ክኒን መውሰድ የተለካው በእናቶቹ ቃል ሲሆን ቃለ መጠይቁም የተደረገው በጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ነው፤ በመሆኑም 60 ፐርሰንት የሚለው ግኝት ከትክክለኛው ከፍ ሊል ይችላል። ይህን ለመቀነስ መረጃ ሰብሳቢዎቹ ከሌላ ተቋም የመጡ ነበሩ። ከአስር እናቶች ቢያንስ አራቱ በአግባቡ አይወስዱም የሚለው ድምዳሜ በዚህ አይለወጥም። በክትትል ብዛትና በክኒን አወሳሰድ መካከል የታየው ዝምድና ግን ደጋግመው የመጡት እናቶች ይበልጥ አጋንነው ከመለሱ ከእውነተኛው የበለጠ ሆኖ ሊታይ ስለሚችል በጥንቃቄ ይነበብ።"

"ለመቀነስ" የሚለው አረፍተ ነገር ውስጥ የሚገባው በእውነት ያደረጋችሁት ብቻ ነው። እና ደግሞ የሚያክም ነገር ይሁን፣ "መጠይቁ ፕሪቴስት ተደርጓል" ብሎ ለሶሻል ዲዛይራቢሊቲ መልስ መስጠት አይሆንም፣ ፕሪቴስት ጥያቄው ግልጽ መሆኑን ነው የሚያሳየው፣ እናትየውን እውነት አያናግራትም።

ምልክት፦ ሊሚቴሽኑ ይቅርታ መጠየቂያ ሆኗል

ስምንት ዘጠኝ ነጥብ፣ መጀመሪያው "የጊዜና የበጀት እጥረት"። የሚመጣው ከፍርሃት ነው፣ ሁሉንም ቀድሜ ካልኩ ማንም አይጠይቀኝም ከሚል፣ ግን ትልቁ ድክመት ከትናንሾቹ መሀል ይደበቃል።

መፍትሄው፦ በጀት ራሱ ሊሚቴሽን አይደለም፣ ያስከተለው ነገር ነው። "በበጀት ምክንያት ሁለት የከተማ ጤና ጣቢያ ብቻ ስለገባን ውጤቱ ለገጠር እናቶች አይሰራም" በሉ። አስባችሁበት የተዋችሁትን (ለምሳሌ የወለዱ እናቶችን አለማካተት) ወደ ስኮፕ ውሰዱት፣ እሱ ድክመት ሳይሆን ምርጫ ነው። "ሳምፕሉ ትንሽ ነው" የሚለውም በጅምላ አይባልም፣ ለ60ው ቁጥር 400 ሰው ይበቃል፣ የሚያንሰው ንኡስ ቡድን ላይ ነው፣ ከ20 አመት በታች ያሉት 22 እናቶች ብቻ ሆነው የኦድስ ሬሾ ኢንተርቫላቸው ከ0.9 እስከ 11 ከተለጠጠ ስለነሱ ለይታችሁ ጻፉ። ድምዳሜ የሚነካ ሶስት አራት ነጥብ ከቀረ ይበቃል፣ ዋናው መጀመሪያ ይምጣ።

ምልክት፦ ሊሚቴሽን ላይ ያመናችሁትን ሪኮመንዴሽን ላይ ረስታችሁታል

በጣም የተለመደ ነው። "መንስኤና ውጤት አያሳይም" ብላችሁ ሁለት ገጽ ሳይሞላ "የክትትል ብዛትን መጨመር ክኒን አወሳሰድን ያሻሽላል"። ለጤናዋ የምትጠነቀቅ እናት ክትትሉንም ክኒኑንም ልታደርግ ትችላለች እኮ፣ አንዱ ሌላውን ሳያመጣ። መንስኤው ምእራፎቹ በተለያየ ሰሞን መጻፋቸው ነው፣ አብስትራክቱም ብዙ ጊዜ ከዛ በፊት ተልኮ ያለቀ ነው።

Ctrl+F ተጭናችሁ ኢፌክት፣ ኢምፓክት፣ "ያሻሽላል"፣ "ምክንያት ሆኗል" የሚሉትን በጥናቱ ቋንቋ ፈልጉና አንድ በአንድ አስተካክሉ፦ "ብዙ ክትትል ያደረጉ እናቶች ላይ የተሻለ አወሳሰድ ታይቷል"። ሪኮመንዴሽኑም "ጥቂት ጊዜ ለሚመጡ እናቶች ምክሩ በመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ይጠናከር" ቢሆን መንስኤ መረጋገጡን አይጠብቅም፣ ክፍተቱ የት እንዳለ ማወቅ ብቻ ይበቃዋል።

ምልክት፦ እንዴትም ብትጽፉት ጥናቱ ይፈርሳል

ይሄ የጽሁፍ ችግር አይደለም። ርዕሱ "በከተማው የሚኖሩ ነፍሰ ጡር እናቶች" እያለ ዳታው ከሁለት ጤና ጣቢያ ከሆነ፣ ወይ ርዕሱ ላይ "ተጽእኖ" ተብሎ አንዴ ብቻ የተለካ ከሆነ፣ ሊሚቴሽን ላይ ምንም ብታሳምሩት ሽፋኑ ላይ ያለውን አያድንም። አድቫይዘራችሁን አናግሩና ርዕሱን አጥብቡት፣ "በሁለት ጤና ጣቢያዎች ክትትል የሚያደርጉ" በሉት፣ ተጽእኖውን በ"ተያያዥ ምክንያቶች" ቀይሩት። የርዕስ ለውጥ ዲፓርትመንት ላይ ፎርም ያስሞላል፣ ጊዜ ይፈጃል፣ ስለዚህ ዲፌንሱ ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን ዳታው ተሰብስቦ እንዳለቀ ብትጠይቁ ነው የሚሻለው።