ገጽ ሞልቶ ሁለት ከአራት፦ የአብራራ ጥያቄ ማርክ የት ይቀራል?

የፈተና ወረቀት በተመለሰ ቁጥር የድሬ ተማሪ ቅሬታ አንድ ነው። «ቲቸር አቦ፣ ገጹን ሞልቼዋለሁ እኮ!» እውነቱን ነው፣ ሞልቶታል። ማርኩ ግን ከአራት ሁለት ነው።

ልጆቹ ሰነፍ ሆነው አይደለም። የሚለማመዱት በብዛት ምርጫ ነው፤ ትክክለኛውን ፊደል ማጥቆር ያውቃሉ። አብራራ ሲባሉ ደግሞ የሚያውቁትን ሁሉ ይዘረግፋሉ። አራሚው ግን የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ዋና ሐሳብ፣ ማስረጃ፣ ማብራሪያ። የትኛው እንደጎደለ ከወረቀቱ ላይ መለየት ይቻላል።

ይህን ጥያቄ እንያዝ፦ «የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋን ያሳደገባቸውን ሁለት መንገዶች አብራራ። (4 ማርክ)»

ሁለት መንገድ ከተባለና ማርኩ አራት ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ መንገድ ሁለት ማርክ አለ ማለት ነው። እኔ ሳርም አንዱን በማስረጃ ለተደገፈ ዋና ሐሳብ እሰጣለሁ፤ ሌላውን ለማብራሪያው። ስለዚህ ሁለት አጫጭር አንቀጾች ይበቃሉ። መግቢያም መደምደሚያም ማርክ የላቸውም።

ምልክት፦ ሁለት አንቀጽ ተጽፏል፣ አንዱ ብቻ ተቆጥሯል

የመጀመሪያው አንቀጽ «ባቡሩ ንግድን አስፋፋ» ይላል። ሁለተኛው «ባቡሩ ገበያ እንዲደራ አደረገ» ይላል። ተማሪው ሁለት ያቀረበ ይመስለዋል፤ ለአራሚው ግን አንዱ ሐሳብ ልብስ ቀይሮ የመጣ ነው።

ከመጻፍህ በፊት ሁለቱን ሐሳቦች በወረቀቱ ጥግ በሁለት ሁለት ቃል ጻፋቸው። ከዚያ ለአንዱ ያሰብከውን ማስረጃ ለሌላው አውለው። ያለምንም ችግር ከገጠመ ሐሳቡ አንድ ነው። «ንግድ» እና «ገበያ» በዚህ ይወድቃሉ። «ንግድ» እና «የደመወዝ ሥራ» ያልፋሉ፤ የጥገና ወርክሾፕ ስለ ንግድ ማስረጃ አይሆንምና።

ምልክት፦ አንቀጹ ሙሉ ይመስላል፣ ማርኩ ግን ግማሽ ነው

ብዙ ማርክ የሚፈሰው እዚህ ላይ ነው። ተማሪዎች በብዛት እንዲህ ይጽፋሉ፦

«ባቡሩ ድሬዳዋን በንግድ አሳድጓታል። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ይህ የሚያሳየው ባቡሩ ለከተማዋ ንግድ በጣም ጠቃሚ እንደነበረ ነው።»

ሦስት ዓረፍተ ነገር አለ፤ ላይ ላዩን ሲያዩት ሦስቱም ነገር የተሟላ ይመስላል። አንድ በአንድ እንየው።

የመጀመሪያው ዋና ሐሳብ ነው፤ ትንሽ ሰፋ ቢልም ያልፋል። ሁለተኛው እውነት ነው፤ ዓመቱም ልክ ነው። ግን ባቡር መድረሱ ስለ ንግድ ምን ይናገራል? ወታደር ብቻ የሚያመላልስ ባቡርም እኮ ሊደርስ ይችል ነበር። እውነት የሆነ ነገር ሁሉ ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው ዋናውን ሐሳብ የሚነካ መሆን አለበት፤ እዚህ ላይ ስለ ዕቃ፣ ስለ ነጋዴ ወይም ስለ ጭነት ማውራት ነበረበት።

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ደግሞ የመጀመሪያው ተገልብጦ ነው። «አሳድጓታል» ብሎ ጀምሮ «ጠቃሚ ነበር» ብሎ ጨረሰ። «ይህ የሚያሳየው» የሚለው ሐረግ ያታልላል፤ ማብራሪያ የጻፍክ ያስመስልሃል። እኔ ተማሪዎቼን ለጊዜው ከልክያቸዋለሁ። በምትኩ ማስረጃውን ጽፈው እንደጨረሱ ራሳቸውን እንዲጠይቁ እነግራቸዋለሁ፦ «እና ምን ይጠበስ?» ክፍሉ ይስቃል፣ ጥያቄው ግን ይሠራል።

እንሞክረው። ሐረር ከፍታ ላይ ስለሆነች ሐዲዱ ወደዚያ አልወጣም፤ ከተራራው ሥር ሜዳው ላይ ቀረ። እና ምን ይጠበስ? ለሐረር የሚሄደው ዕቃ ድሬዳዋ ላይ ከባቡር መውረድ ነበረበት። እና ምን ይጠበስ? ዕቃ የሚወርድበት ቦታ መጋዘን፣ ጫኝ፣ ተቀባይ ነጋዴና ማደሪያ ይፈልጋል። እና ምን ይጠበስ? እነዚህ ሰዎች ጣቢያው ዙሪያ ሰፈሩ፣ ከተማው አደገ። አሁን «አደገ» የሚለው የጥያቄው ቃል ላይ ደርሰናል። እዚያ ሲደረስ ይቆማል።

የተስተካከለው አንቀጽ ይኸው፦

«ባቡሩ ድሬዳዋን ዕቃ የሚራገፍባት የንግድ ከተማ አደረጋት። ሐረር ተራራማ ቦታ ላይ ስለሆነች ሐዲዱ ወደዚያ አልወጣም፤ ለሐረር የሚሄደው ዕቃ ድሬዳዋ ላይ ወርዶ በጭነት እንስሳት ይጓጓዝ ነበር። ዕቃ የሚራገፍበት ቦታ መጋዘን፣ ጫኝና ነጋዴ ስለሚፈልግ ብዙ ሰው ጣቢያው አካባቢ ሰፈረ፤ በዚህም ከተማዋ አደገች።»

ርዝመቱ ከመጀመሪያው ብዙም አይበልጥም። ዓመተ ምሕረቱም ወጥቷል፣ ምንም አልጎደለም።

ሁለተኛው አንቀጽ በዚሁ መንገድ ይሠራል፦

«ባቡሩ ቋሚ የደመወዝ ሥራ አመጣ። የባቡር ኩባንያው የጥገና ወርክሾፑን ድሬዳዋ ላይ አቋቋመ። ደመወዝተኛ ቤተሰቡን ይዞ ይኖራል፤ ገንዘቡንም በየወሩ እዚያው ያወጣል። ስለዚህ ከተማዋ በመንገደኛ ብቻ ሳይሆን በቋሚ ነዋሪ አደገች።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉ። «በመንገደኛ ብቻ ሳይሆን» የሚለው ይህን ምክንያት ከመጀመሪያው ይለየዋል። አራሚው ሁለተኛ ምክንያት መሆኑን እንዳይጠራጠር ያደርጋል።

ምልክት፦ ጠርዙ ላይ «የትኛው?» ወይም «ምሳሌ?» የሚል ቀይ ጽሑፍ

መንስኤው እንደ «ብዙ ሰዎች»፣ «የተለያዩ ዕቃዎች»፣ «በድሮ ጊዜ» ያሉ ቃላት ናቸው። የትኛውም ከተማ ላይ ይሠራሉ። ቀላል መፈተኛ አለ፦ ድሬዳዋ የሚለውን አጥፍተህ ሞጆ ብለህ ተካ። ዓረፍተ ነገሩ እንዳለ ከቆመ ማስረጃ አይደለም። ስም፣ ቦታ ወይም ዓመት ይግባበት፤ አንዱ ይበቃል። ዓመቱን ካላስታወስክ በግምት አትጻፍ፤ «ሐዲዱ ወደ ሐረር አልወጣም» ማለት ያለ ዓመትም ጠንካራ ማስረጃ ነው።

ምልክት፦ አራቱም ማርክ ተገኝቷል፣ የመጨረሻው ገጽ ባዶ ነው

ይህ የጎበዝ ተማሪ በሽታ ነው። ሁለት ተጠይቆ አምስት መንገድ ያብራራል፤ ከተጠየቀው በላይ ለጻፈው ተጨማሪ ማርክ የለም። ፈተናው አንድ ሰዓት የሚፈጅና ከሃምሳ ማርክ የሚታረም ከሆነ ለአራት ማርክ የሚደርሰው አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። ሁለተኛው «አደገች» ላይ ስትደርስ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እለፍ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሁሉ የሚሠራው ጥያቄው «አብራራ» ወይም «ለምን» ሲል ነው። «ባቡሩ ያለፈባቸውን አራት ከተሞች ዘርዝር (4 ማርክ)» ቢል አራት ስም ጽፎ መሄድ ነው። እዚያ ላይ ማስረጃና ማብራሪያ የሚደረድር ተማሪ አራት ማርኩን ያገኛል፤ የሚቀጥለው ጥያቄ ደቂቃ ግን ተበልቷል።