«ሁለት ፍሪዘር ስጠኝ» ያለ ገዢ ለምን ይጠፋል? ችግሩና መፍትሄው

ባሕር ዳር ውስጥ ለዓሣ ነጋዴዎች፣ ለምግብ ቤቶችና ለሆቴሎች የማቀዝቀዣ ዕቃ እሸጣለሁ። አዲስ የሽያጭ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያጠናው የዕቃውን ሊትር፣ ዋትና ዋስትና ነው። ጥሩ ነው፣ ማወቅ አለበት። ግን ሽያጭ የሚበላሽብን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዕቃው ገና አንድ ቃል ሳንናገር ነው። ስለዚህ በሥራዬ ደጋግመው ያጋጠሙኝን ሦስት ምልክቶች ልጻፍ፣ ከነምክንያታቸው።

ምልክት 1፦ ዋጋ ይጠይቃል፣ ፕሮፎርማ ይወስዳል፣ ይጠፋል

ስልክ ይደወላል። «ባለ 500 ሊትር ፍሪዘር ስንት ነው?» ትናገራላችሁ። «ፕሮፎርማ ላክልኝ» ይላል። ትልካላችሁ። ከዚያ በኋላ ስልክ አያነሳም።

ምክንያቱ ሁልጊዜ ዋጋ ይመስለናል። አንዳንዴ ነው። ገዢው ድርጅት ከሆነ ደግሞ የግዢ ክፍሉ ሦስት ፕሮፎርማ ማሟላት ስላለበት ብቻ ደውሎ ሊሆን ይችላል፤ የሚገዛበት ቤት ቀድሞ ታውቋል፣ እናንተ ሦስተኛዋ ወረቀት ናችሁ። በብዛት ያየሁት ግን ሌላ ነው። ገዢው የነገረን የዕቃ ስም እንጂ ችግሩን አይደለም። ራሱ መርምሮ፣ ራሱ መድኃኒት አዝዞ ነው የመጣው። እኛም ማዘዣውን አይተን ዋጋ ነገርነው። ምርመራው ልክ ስለመሆኑ እሱም እርግጠኛ አይደለም፤ ስለዚህ ያን ያህል ብር ማውጣት ያስፈራዋል።

መፍትሄው ዋጋ መደበቅ አይደለም። ዋጋ የጠየቀን ሰው በጥያቄ መሸሽ ያናድደዋል፣ ደግሞም ትክክል ነው። «ከዚህ እስከዚህ ነው» በሉና ወዲያው ይቺን ጠይቁ፦ «ምን ተገኝቶ ነው አሁን ያሰቡት? ዓምና ያለሱ እንዴት ነበር የምትሠሩት?» ዓምናና ዘንድሮ መካከል አንድ የተለወጠ ነገር አለ። ደንበኛ ሸሽቷል፣ ዕቃ ተመልሷል፣ ሁለተኛ ሱቅ ተከፍቷል፣ ወይም መብራት እየጠፋ አስቸግሯል። የዕቃው ስም ሳይሆን ያ የተለወጠው ነገር ነው የሚያስገዛው።

ለድርጅት ሲሆን ደግሞ «ዕቃው ሲገባ የሚሠራበት ማን ነው? አምስት ደቂቃ ላናግረው እችላለሁ?» በሉ። ካገናኟችሁ እውነተኛ ግዢ አለ። «እሱ አያስፈልግም፣ ወረቀቱን ብቻ» ካሉ ወረቀቱን ስጡና ቀኑን ለሌላ ደንበኛ አውሉት።

ምልክት 2፦ ጠየቅሁት፣ ግን «ደህና ነው» ብሎ ዘጋኝ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይሻላል፣ ምክንያቱም ብዙ ሻጭ ጠይቄያለሁ ብሎ የሚያስበው እዚህ ጋ ነው።

«ሥራ እንዴት ነው?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ችግር አለ?» «ኧረ ምንም የለም።» ይሄ መልስ አይደለም፣ ሰላምታ ነው። እኛ ሀገር ለማያውቁት ሰው ችግርን መዘርዘር ነውር ነው፤ ነጋዴ ደግሞ ገበናው ገበያ ላይ ቢወጣ ይጎዳል። የጥያቄው ቅርጽ ራሱ «ይመስገን»ን ይጠራል።

ሁለተኛው ምክንያት «ለምን» የሚለው ቃል ነው። «ለምን ቶሎ አላቀዘቀዙትም?» ስትሉ በአማርኛ ወቀሳ ነው የሚሆነው። ሰውየው ማስረዳቱን ትቶ ራሱን መከላከል ይጀምራል። «ምን ሆኖ ነው?»፣ «ከዚያስ?»፣ «ያን ጊዜ የት ነበር?» በሉ። ሦስተኛው ቦታው ነው። ሠራተኞች ቆመው እየሰሙ «ስንት ኪሎ ተበላሸብዎት?» ብትሉ እውነቱን አታገኙም። ይሉኝታው ለእናንተ ብቻ ሳይሆን ለነሱም ነው።

መፍትሄው ስለ ጠቅላላው መጠየቅ ትቶ ስለ አንድ ቀን መጠየቅ ነው። በቅርብ ጊዜ የሆነ፣ ቀኑ የሚታወስ አንድ ቀን። ከዚያ ዕቃውን ከጠዋት እስከ ማታ በእግር እንደ መከተል ነው።

አንዲት የዓሣ ነጋዴ ከሐይቁ ዳር ደውለው «ሁለት ትልልቅ ፍሪዘር ስጠኝ፣ ዓሣ እየተበላሸብኝ ነው» አሉኝ። የዋጋውን ግምት ነግሬ ሄድኩ። ሠራተኞቹ ቢላ ይዘው ቆሮሶ እየገፈፉ ስለነበር ትንሽ ፈንጠር ብለን ጥላ ሥር ተቀመጥን።

«እትዬ፣ መጨረሻ የተበላሸብዎት መቼ ነው?»

«ሐሙስ። 60 ኪሎ ገዝቼ፣ ከወጣው ፊሌቶ 6 ኪሎውን ምግብ ቤቱ ሸተተ ብሎ መለሰብኝ።»

«እስኪ ሐሙስን ከጠዋቱ ይጀምሩልኝ። ዓሣው ከውሃ የወጣው ስንት ሰዓት ነው?»

መረቡ ማታ ይጣላል፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይነሳል። ስለዚህ አንዳንዱ ዓሣ ሌሊቱን መረብ ውስጥ ሞቶ ያድራል። ጀልባው ሐይቁ ላይ ሲዞር ቆይቶ 3 ሰዓት ተኩል ዳር ደረሰ። ዓሣው ጀልባው ወለል ላይ ነበር፣ እርጥብ ጆንያ ለብሶ። ተመዘነ፣ ተገፈፈ፣ ታጠበ። ፍሪዘር የገባው 8 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ይሄን ሁሉ ስሰማ ስለ በረዶ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ማስታወሻዬ ላይ ሰዓቱን ብቻ ጻፍኩ። ከዚያ ሁሉን የለወጠችውን ጥያቄ ጠየቅሁ፦

«ያን ቀን ፍሪዘርዎ ሞልቶ ነበር?»

ዝም አሉ። «የለም» አሉ ቆይተው። «ግማሹ ባዶ ነው።»

ያለው ፍሪዘር ግማሹ ባዶ ከሆነ ሁለት ቢጨመር ባዶው ነው የሚበዛው። ፍሪዘር የተቀበለውን ዓሣ በተቀበለበት ሁኔታ ያቆየዋል እንጂ የጀመረውን መበላሸት ወደ ኋላ አይመልስም። ጉዳቱ ከንጋት እስከ 8 ሰዓት ተኩል፣ ከፍሪዘሩ በፊት ነበር። ይሄን ግን እኔ አልተናገርኩም። የጻፍኩትን ሰዓት አነበብኩላቸውና «ከነዚህ ውስጥ ዓሣው ሳይቀዘቅዝ የቆየው የትኛው ነው?» አልኩ። «ሁሉም ነዋ ልጄ!» አሉ። ሰው ራሱ ያገኘውን ምክንያት አይከራከረውም።

በዚህ ጥያቄ ምርመራው ልክ መሆኑን የምታውቁበት አንድ መንገድ አለ። ያልተበላሸበትን ቀንም ጠይቁ። «ማክሰኞስ?» ብዬ ስጠይቅ የማክሰኞው ጀልባ በጊዜ ገብቶ ዓሣው 5 ሰዓት ሳይሞላ ፍሪዘር ገብቷል፣ የተመለሰም የለም። ያው ፍሪዘር፣ ያው ሠራተኛ፣ ልዩነቱ ሰዓቱ ብቻ። ጥሩውና መጥፎው ቀን በሰዓት ባይለዩ ኖሮ ሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ የማጠቢያውን ውሃ ወይም የመብራት መጥፋትን መፈለግ ነበረብኝ።

ምልክት 3፦ ችግሩን አመነ፣ ግን «እናስብበት» አለ

አንደኛው ምክንያት ኪሳራው ስላልተቆጠረ ነው። «6 ኪሎ ተመለሰ» ሲባል ቀላል ይመስላል። እኔ ደግሞ ብቆጥርላቸው የሻጭ ሒሳብ ይሆናል። ስለዚህ ጠየቅሁ፦ «አንድ ኪሎ ፊሌቶ ለማውጣት ስንት ኪሎ ዓሣ ይገባል?» «ወደ ሦስት» አሉ። ይሄን ከኔ በላይ ያውቁታል። «ታዲያ የተመለሰው 6 ኪሎ ስንት ኪሎ ዓሣ ነው?» ጣታቸውን ቆጥረው «18!» አሉ። ከ60 ኪሎ ግዢ 18ቱ። የገፋፊዎቹ የቀን ክፍያ ገና አልተጨመረም። በብር ያባዙት እሳቸው ናቸው፣ እኔ እስክሪብቶውን ነው የሰጠሁት።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኪሳራን ደጋግሞ መቆስቆስ ሰውን ማስፈራራት ነው። አንዴ ከተቆጠረ በቂ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት እሺ ማለት ያለበት ሌላ ሰው መኖሩ ነው። «የሚወስነው ማን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «እኔ ነኛ!» ነው መልሱ፣ ደግሞም ያስቀይማል። «ይሄን ብንጀምር ሥራው የሚለወጥበት ማን ነው?» በሉ። እትዬ ሳያመነቱ «ዓሣ አስጋሪው» አሉ። እኔ ባለቤታቸውን ወይም ልጃቸውን ነበር የጠበቅሁት። አስጋሪው የሚከፈለው ዳር ሲደርስ በኪሎ ነው። ዓሣው ከሰዓት በኋላ ቢሸት እሱ አይከስርም። ታዲያ በረዶ የሞላ ሳጥን ጀልባው ላይ ለምን ይጭናል? ቦታ ይይዝበታል፣ ይከብደዋል። ይሄን ሳልጠይቅ ሳጥን ሸጬ ብሄድ ሳጥኑ ጓሮ ተቀምጦ ይቀር ነበር። «በበረዶ ለሚመጣ ዓሣ በኪሎ ትንሽ ልጨምርለት እችላለሁ» ያሉት እሳቸው ናቸው።

ስለ ዕቃ ማውራት የጀመርኩት ከዚህ በኋላ ነው። በሞቃት አካባቢ የሚሠራበት ልማድ ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ነው፣ እየተደራረበ፣ ሙቀት በማያስገባ ክዳን ባለው ሳጥን። ለ60 ኪሎ 60 ኪሎ በረዶ በአንዴ የለም። ስለዚህ ሙከራው 20 ኪሎ ዓሣ በ20 ኪሎ በረዶ ሆነ። በረዶው የሚሠራው በዚያው ግማሹ ባዶ በሆነው ፍሪዘር ነው፣ ንጹሕ ውሃ በላስቲክ ታስሮ ከሁለት ሌሊት በፊት ይገባል፣ ሲወጣ ይደቅቃል። የሸጥኩት ሁለት ሳጥን ብቻ ነው። ከሁለት ፍሪዘር ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ብር ነው፤ የቀሩት 40 ኪሎም በረዶ ከፈለጉ ግን በረዶ የሚሠራ ማሽን የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ያንን ግዢ ሙከራው ይወስነዋል።

ፕሮፎርማውን ስጽፍ ከዋጋው በላይ ሦስት መስመር አስገባሁ፣ በራሳቸው ቃል፦ «ሐሙስ ዓሣው ከ12 እስከ 8 ሰዓት ተኩል ሳይቀዘቅዝ ቆየ። 6 ኪሎ ፊሌቶ ተመለሰ፣ 18 ኪሎ ዓሣ ማለት ነው። ፍሪዘሩ ግማሹ ባዶ ነበር።» እትዬ አነበቡትና ሁለተኛውን መስመር በጣታቸው ነክተው «የገፋፊዎቹን ክፍያም ጨምርበት» አሉኝ።