ክሌክሳን (ኢኖክሳፓሪን) ቤት ውስጥ ራስን እንዴት መውጋት ይቻላል፣ ሆድ ሲበልዝስ መቼ ነው መሮጥ ያለብን?

ከሆስፒታል ስትወጡ ኢኖክሳፓሪን የሚባለው ደም ማቅጠኛ መርፌ ታዞላችሁ ከሆነ (ብዙው ሰው ክሌክሳን ነው የሚለው፣ አንዳንዱ ደግሞ ዝም ብሎ የሆድ መርፌ ይለዋል) ነርሷ አንዴ ታሳያችኋለች፣ ሲሪንጆቹን በፌስታል ይዛችሁ ቤት ትገባላችሁ፣ ከዛ በኋላ እናንተው ናችሁ። ችግር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከጥቂት ቀን በኋላ ነው፣ ሆድ ይበልዛል፣ እናት አይታ ትደነግጣለች፣ ጎረቤት "ይሄ መርፌ ይቅርባት" ይላል፣ መድኃኒቱ ይቆማል። እግር ላይ የረጋው ደም ግን አልሄደም፣ ተነስቶ ሳንባ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚ ሆድ ላይ ያለው ብልዝ አብዛኛው ከአወጋግ የሚመጣ መሆኑን፣ የሚያሰጋው መድማት ደግሞ የራሱ ምልክት እንዳለው ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንድ ሰው ይዘን እንሂድ። በኦፕራሲዮን የወለደች፣ ግራ እግሯ ላይ ደም የረጋባት፣ 50 ኪሎ የምትመዝን እናት እንበል፣ ጅማ ህክምናዋን ጨርሳ አጋሮ ቤቷ ገብታለች። ለረጋ ደም ህክምና አንዱ የተለመደ አሰጣጥ ለአንድ ኪሎ 1 ሚሊግራም ሆኖ በየ12 ሰዓቱ ነው፣ ስለዚ ለሷ የታዘዘው 50 ሚሊግራም፣ ጠዋት 1 ሰዓት እና ማታ 1 ሰዓት። ለመከላከል ብቻ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ 40 ሚሊግራም በቀን አንዴ ነው፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ ዶዙ ይቀነስለታል፣ ስለዚ የሰው ዶዝ አይታችሁ የራሳችሁን እንዳትቀይሩ።

ፋርማሲው የሰጣት ባለ 60 ሲሪንጅ ነው። ውስጡ 0.6 ሚሊሊትር አለ፣ እያንዳንዱ 0.1 ማለት 10 ሚሊግራም ነው፣ ስለዚ የሷ ዶዝ 0.5 ላይ ነው የሚቆመው። ትርፉን ለማውጣት መርፌውን ወደ መሬት አዙሮ ቀስ ብሎ መግፋት ነው፣ እንደዛ ሲሆን ሲሪንጁ ውስጥ ያለችው አየር ወደ ላይ ወደ መግፊያው ትሸሻለች፣ የሚንጠባጠበው መድኃኒቱ ብቻ ይሆናል። ሙሉውን ሲሪንጅ የምትወጉ ከሆነ ግን ምንም አታውጡ፣ አየሯንም አትንኳት። ብዙ ሰው አየር ይገድላል ብሎ ወደ ላይ አዙሮ ያስወጣታል፣ እንደዛ ሲያደርግ መድኃኒቱም አብሮ ይፈሳል። ይሄ የደም ስር መርፌ አይደለም፣ ቆዳ ስር ያለው ስብ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ያቺ ትንሽ አየር አትጎዳም፣ እንደውም መጨረሻ ላይ መርፌው ውስጥ የቀረውን ጠብታ ገፍታ ታስገባዋለች። ጫፉ ላይ ጠብታ ተንጠልጥሎ ካያችሁ መርፌውን ወደ ታች አድርጋችሁ በቀስታ ነካ ነካ አድርጉት ይውደቅ፣ በጨርቅ ወይ በጥጥ መጥረግ የለም። ያ ጠብታ ከመርፌው ጋር ቆዳውን ሲያልፍ መንገዱን ሁሉ ያደማል፣ ለመበለዝ አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

አሁን ወደ መውጋቱ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፋችሁ ጋደም በሉ፣ ሆዳችሁ በደንብ ይታያችሁ፣ መብራትም ይኑር። የምትወጉት የሆድ ጎን ላይ ነው፣ ከእምብርት ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር ርቆ፣ ማለትም ሶስት ጣት ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ከዛ ውጪ። የኦፕራሲዮን ጠባሳ፣ የበለዘ ቦታ፣ ቀሚስ ወይ መቀነት የሚያጠብቀው መስመር ላይ አይወጋም። ቦታውን በአልኮል ጥረጉና እስኪደርቅ ጠብቁ፣ እርጥብ እያለ ከተወጋ ያቃጥላል።

ክዳኑን ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። በአንድ እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ቆዳውን ሰብሰብ አድርጋችሁ ያዙ፣ ቆንጥጦ ማሳመም ሳይሆን ስቡ ወፈር ብሎ እንዲነሳ ነው። በሌላው እጅ መርፌውን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ሳታጋድሉ፣ እስከ ስሩ አስገቡት። መርፌው አጭርና ቀጭን ነው፣ ግማሹን ብቻ ካስገባችሁት መድኃኒቱ ቆዳው ላይ ቀርቶ የሚያምም እብጠት ይሰራል። ደም መጣ አልመጣ ብላችሁ መግፊያውን ወደ ኋላ አትሳቡ። ከዛ ቀስ በሉ። በልባችሁ እስከ 30 እየቆጠራችሁ ግፉት፣ ቀስ ብሎ የገባ መድኃኒት ህመሙም መበለዙም ይቀንሳል። የሰበሰባችሁትን ቆዳ መሃል ላይ አትልቀቁ፣ መርፌው እንደገባው ቀጥ ብሎ ከወጣ በኋላ ነው የሚለቀቀው። ከዛ በንጹህ ጥጥ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ጫን አድርጎ መያዝ ብቻ። ማሸት የለም! ይሄን ደጋግሜ የምለው ሰዉ ሌላ መርፌ ከተወጋ በኋላ ማሸት ስለለመደ እጁ ራሱ ሳያስበው ስለሚሄድ ነው፣ ይሄን መርፌ ያሸ ሰው ነገ ሆዱ ላይ መዳፍ የሚያህል ብልዝ ያገኛል።

ክዳኑን መልሳችሁ አትክደኑ፣ ጣት የሚወጋው ያኔ ነው። ሲሪንጁን ወፍራም የበረኪና ጠርሙስ ውስጥ ጣሉት፣ ሲሞላ አጥብቃችሁ ክደኑና ቅርብ ላለው ጤና ጣቢያ ስጡ፣ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አይጣልም፣ ልጆች ያነሱታል።

ቦታ መቀያየሩን ብዙ ሰው "ዛሬ ቀኝ ነገ ግራ" ብሎ ይጨርሰዋል፣ በቀን ሁለቴ ለሚወጋ ሰው ግን እሱ ብቻ አይበቃም። እቺ እናት እንዲህ ብታደርግ ይሻላል፣ በሆዷ በቀኝ በኩል ከሶስቱ ጣት ውጪ ጀምራ ወደ ጎኗ አራት ቦታ ትመድባለች፣ በመሃላቸው ሁለት ሁለት ጣት እየተወች፣ በግራም እንደዛው። ጠዋት ቀኝ፣ ማታ ግራ። ሰኞ ሁለቱም ጎን ላይ አንደኛው ቦታ፣ ማክሰኞ ሁለተኛው፣ ሐሙስ አራተኛው ላይ ደርሳ አርብ ወደ አንደኛው ትመለሳለች፣ እስከዛ ያ ቦታ አራት ቀን አርፏል። አርብ ላይ ያ ቦታ አሁንም በልዞ ከሆነ ዘልላው ትሄዳለች። ግድግዳ ላይ ያለው ካላንደር ላይ "ቀ1፣ ግ1" እያለች ብትጽፍ ጠዋት ተወግቻለሁ ወይስ አልተወጋሁም የሚለውም አብሮ ይፈታል፣ አራስ ቤት እንቅልፍ የለምና ይሄ መረሳቱ አይቀርም። ጠዋት ተረስቶ ከሰዓት ትዝ ካላት ሆስፒታሉ ጋር ወይ ፋርማሲው ጋር ደውላ ቀጣዩን ሰዓት እንዴት እንደምታደርግ ትጠይቅ፣ ሁለት ዶዝ ደርቦ መውጋት ግን በጭራሽ የለም።

እንግዲህ መበለዝ። የተለመደው ጠፍጣፋ ነው፣ ሳንቲም የሚያህል ወይ ትንሽ ሰፋ የሚል፣ መጀመሪያ ሰማያዊ ወይ ሐምራዊ፣ ከዛ አረንጓዴ፣ ከዛ ቢጫ እየሆነ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይጠፋል። ስሩ አተር የምታህል ጠጠር ያለች እብጠትም ልትኖር ትችላለች። ለዚህ መድኃኒት አይቆምም። ቅቤ አይቀባም፣ አይታሽም፣ በሙቅ ውሃም አይተኮስም። ከተጠራጠራችሁ በእስክሪብቶ ዳር ዳሩን አስምሩበትና ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተመልከቱት፣ መስመሩ ውስጥ ከቀረ ደህና ነው፣ መስመሩን አልፎ እየሰፋ፣ እያበጠ፣ እየጠጠረ፣ ህመሙም እየባሰ ከሄደ የሆድ ጡንቻ ውስጥ እየደማ ሊሆን ስለሚችል ቀጣዩን ከመውጋታችሁ በፊት መታየት አለባችሁ። የተወጋው ቦታ ጥቁር ሆኖ ቆዳው እየሞተ ከመሰለም እንደዛው፣ ይሄ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከ5ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ፕላትሌት የሚባለውን የደም ክፍል ይቀንሳል፣ በዛው ደም ያረጋል፣ ለዛ ነው የደም ምርመራ ቀጠሮ የሚሰጠው።

መርፌ ያልነካው ቦታ ላይ፣ ክንድ ወይ ጭን ላይ፣ ሳትጋጩ ብልዝ ከወጣ እሱም ሌላ ነገር ነው። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይ ደም ካለው፣ ሽንት ከቀላ፣ ትውከቱ ደም ወይ የቡና አተላ ከመሰለ፣ ነስር 10 ደቂቃ ጫን ተብሎ ተይዞም ካልቆመ፣ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ወይ አንድ ጎን ከደከመ፣ ወድቃችሁ ጭንቅላታችሁን ከተመታችሁ (ምንም ባይሰማችሁም) አትጠብቁ። ለአራስ ደግሞ ሞዴሷ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከራሰ ወይ ትልልቅ የረጋ ደም ከወጣ "የአራስ ደም ነው" ተብሎ አይታለፍም። ትንፋሽ ማጠርና ደረት መውጋት ከመጣ ደግሞ የረጋው ደም ሳንባ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ድንገተኛ ነው።

መድማቱን የሚያባብሱ ነገሮች እኛ ሰፈር በጣም የተለመዱ ናቸው። ወገቤን አመመኝ ብላችሁ ክሊኒክ ስትገቡ ወዲያው የዲክሎፌናክ መርፌ መቀመጫ ላይ ይወጋል፣ ክሌክሳን እየወሰደ ያለ ሰው ግን ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም ሐኪሙ ሳያውቅ አይወስድም፣ ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ ራሱ ጡንቻው ውስጥ ሊያደማ ይችላል። ስለዚ ገና ከበሩ "ደም ማቅጠኛ ላይ ነኝ" በሉ፣ ለህመም ፓራሲታሞል ይሻላል። እግሩን ወጌሻ ጋር ወስዶ ማሳሸትም አለ፣ ደም የረጋበት እግር ፈጽሞ አይታሽም፣ የረጋው ደም ሊነቀል ይችላል። ባህላዊ መድኃኒት የምትጠጡ ከሆነም ለሐኪሙ ተናገሩ።

ሌላ ሰው የማያነሳው ነገር፣ ኢኖክሳፓሪን የሚሰራው ከአሳማ አንጀት ነው። ሙስሊምም ክርስቲያንም ይሄን ሰምቶ ዝም ብሎ የሚያቆም አለ። ቅር ካላችሁ አለማቆም፣ መጀመሪያ ለሐኪሙ መናገርና የሃይማኖት አባታችሁን ጠይቃችሁ አብራችሁ መወሰን፣ እስከዛ ግን ዶዝ አይዘለልም።

አጋሮም ሁኑ ሰቃ፣ ማታ መድማት ከጀመረ እስኪነጋ አትቆዩ፣ ቅርብ ያለው ሆስፒታል ሂዱ፣ ካልሆነ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ህክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል። የመድኃኒቱን ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ፣ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ይታያል፣ የመጨረሻውን መርፌ የተወጋችሁበትን ሰዓትም ከካላንደሩ ላይ አይታችሁ ንገሯቸው። ፕሮታሚን የሚባል ክሌክሳንን በከፊል የሚያረክስ መድኃኒት አለ፣ መጠኑ የሚሰላው ከመጨረሻው መርፌ ስንት ሰዓት እንዳለፈ ታይቶ ነው፣ ስለዚ ያቺን ሰዓት አብሯችሁ የሚሄደውም ሰው ይወቃት።