ቲያትር ሳይመስል በንግግር ውስጥ መጠየቅና ሦስት ነገር መደርደር

የእድራችን ጸሐፊ በጠቅላላ ጉባኤው ዋዜማ አንድ ወረቀት ይዘው ቤቴ መጡ። ወርሃዊው መዋጮ ከ50 ወደ 100 ብር እንዲያድግ አባላቱን ማሳመን አለባቸው። «እስቲ ይቺን አሳምርልኝ» አሉኝ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦

«የተከበራችሁ አባላት! እስከ መቼ ነው በተቀደደ ድንኳን ሐዘንተኛ የምናስቀምጠው? እስከ መቼ ነው ከሌላ እድር ወንበር የምንለምነው? ዛሬ ያልተነሣን መቼ ልንነሣ ነው? እንተባበር፣ እንተሳሰብ፣ እንተጋገዝ!»

ሰውየው በተፈጥሯቸው ረጋ ያሉ ናቸው። ይህን ግን ሲያነቡልኝ ድምፃቸው ወፈረ፣ ጣታቸውም ተነሣ። ችግሩ ከሳቸው አይደለም፤ ጽሑፉ ራሱ ጎትቶ መድረክ ላይ ያወጣል። ስለዚህ ከማሳመሩ በፊት ማፍረስ ነበረብን።

መጀመሪያ ጌጡን አውልቁ

ጥያቄውንም ሦስት ሦስቱንም አውጡና የቀረውን ተራ ነገር ጻፉ። እኛ ስናወጣ የቀረን «የተከበራችሁ አባላት» ብቻ ሆነ። ድንኳኑ መቼ ተቀደደ? ስንት ብር ይገባል? ስንት ይወጣል? አንዱም የለም። ንግግር ቲያትር የሚሆነው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ወሬው ሲጎድል በድምፅ ይሞላል።

እሳቸው ሒሳቡን በቃላቸው ያውቁታል። አባሉ 120 ነው፤ 50 ብር ሲያዋጣ በወር 6,000 ብር ይገባል። ለአንድ ሐዘንተኛ ቤተሰብ 10,000 ብር ይሰጣል። ባለፈው ወር ሁለት ለቅሶ ነበር። ሐምሌ ላይ ደግሞ ዝናቡ ድንኳኑን ሲያፈስ እናቶች ነጠላቸውን ተከናንበው የጎረቤት በረንዳ ሥር ቆመው ነበር። ይህን ጻፍን።

ጥያቄውን ከነገሩ በኋላ አምጡት

መልስ የማይጠበቅበት ጥያቄ የሚሠራው ሰሚው መልሱን አስቀድሞ በእጁ ሲይዝ ነው። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ሲናገሩ፣ ከአውሮፕላን ስለወረደው የመርዝ ጋዝ በዝርዝር ተናግረው ነበር። ለሕዝባቸው ምን መልስ ይዘው እንደሚመለሱ የጠየቁት መዝጊያው ላይ ነው። ደግሞም ጥያቄው የእውነት ጥያቄ ነበር፤ መልሱ የነበረው ፊታቸው በተቀመጡት መንግሥታት እጅ ነው። መለኪያው ይኸው ነው፦ ጥያቄያችሁን አንድ ሰው ተነሥቶ ቢመልሰው ነገሩ ትርጉም ይሰጣል? «እስከ መቼ?» ለሚለው ማን ምን ይመልሳል? «እስከ መስከረም»?

«እስከ መቼ» ሌላም ጣጣ አለበት። ሰሚውን ይከሳል። ድሮ በላ ልበልሃ ሲባል ባላጋራን «ተጠየቅ» ብሎ ማፋጠጥ ወግ ነበር፤ ችሎት ላይ ያምራል። የእድር ስብሰባ ላይ ግን ከፊታችሁ ያሉት ባላጋራ አይደሉም፣ ግማሾቹም በዕድሜ ይበልጧችኋል። «አይደለም እንዴ?» የሚለውም እንደዚያው ነው፤ «እንዴ» ስትገባ ወቀሳ ይዛ ትመጣለች። ራሳችሁን የጨመረ ጥያቄ ይሻላል።

ከሒሳቡ በኋላ ያስገባነው አንድ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ታዲያ ድንኳኑን በምን እንግዛው?» «ታዲያ» ከላይ ካለው ቁጥር ጋር ታያይዘዋለች። «እንግዛው» ጸሐፊውንም አባሉንም አንድ ላይ ያስቀምጣል። ሁለተኛ ጥያቄ አልጨመርንም። ለአምስት ደቂቃ ንግግር አንድ ይበቃል፤ ሁለት ተከታትለው ከመጡ ስብከት መሽተት ይጀምራል።

አባባሉ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ድምፃቸውን ከፍ በማድረግ ነው። እንዲያውም ዝቅ አድርጉት። በአጥር በኩል ጎረቤታችሁን «ዛሬ ውኃ መጣ?» እንደምትሉት። ከዚያ ሁለት ሦስት ሰከንድ ዝም በሉ። ቶሎ ራሳችሁ ከመለሳችሁት ሰሚው ሳያስብ ያልፈዋል። አምስት ሰከንድ ከቆያችሁ ደግሞ ጭብጨባ የምትጠብቁ ይመስላል።

ሦስቱን ነገር ቁጠሩ፣ ከዚያ ግጥሙን ስበሩ

«እንተባበር፣ እንተሳሰብ፣ እንተጋገዝ» ሦስት ይመስላል እንጂ አንድ ነው። ሁለቱን ብትሰርዙ ምንም አይጎድልም። እውነተኛ ሦስት ከሆነ አንዱ ሲወጣ ሰሚው የሚያጣው ነገር አለ። ያላችሁ ሁለት ከሆነ ሁለት ይሁን፤ ለቁጥር ሲባል ሦስተኛ አትፍጠሩ።

አማርኛ ላይ ግን ከዚህ የባሰ ወጥመድ አለ፤ እኔም ዘግይቼ ነው የነቃሁበት። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ሦስት ግስ ስትደረድሩ ሳታስቡት ቤት ይመታል። «ድንኳኑ ተቀዷል፣ ወንበሩ ተሰብሯል፣ ድስቱ ተበስቷል» ስትሉ ፉከራ ሊጀምር ያለ ሰው ትመስላላችሁ። ቄሳር «መጣሁ፣ አየሁ፣ አሸነፍኩ» ያለው ድል አድርጎ ነው፤ እኛ ድንኳን ልንገዛ ነው።

መፍትሔው ሦስቱን ስም አድርጎ አንድ ግስ መስጠት ነው፦ «የሚያስፈልገን አንድ ድንኳን፣ ሠላሳ ወንበርና ትልቅ ብረት ድስት ነው።» የድርጊት ቅደም ተከተል ካላችሁ ደግሞ ግሶቹን አቀጣጥላችሁ በአንድ ዝጉ፦ «ብሩን ሰብስበን፣ ዕቃውን ገዝተን ደረሰኙን እናሳያችኋለን።» ሁለቱ ተንጠልጥለው ሦስተኛው ያሳርፋል። ከ«እንሰበስባለን፣ እንገዛለን፣ እናሳያለን» ጋር አወዳድሩት።

አንዲት ትንሽ ፊደልም አለች። «ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት» ብላችሁ ብትቆርጡት መፈክር ይሆናል። «ድንኳን፣ ወንበርና ድስት» ስትሉ ቤት ውስጥ እንደሚወራ ወሬ ይሆናል። ያቺ «ና» ብዙ ትሠራለች። ስትናገሩትም ሱቅ የሚላክ ልጅ «ስኳር፣ ሻይ ቅጠልና ክብሪት» እንደሚባለው በአንድ ትንፋሽ በሉት። በእያንዳንዱ ቃል እኩል ማረፍ ነው መድረክ ላይ የሚያወጣው። እንዲታወስ የምትፈልጉትን መጨረሻ፣ ከግሱ አጠገብ አድርጉት። ለእኛ ደረሰኙ ነበር፤ አባሉ የሚጠረጥረው እሱን ነዋ።

በስልክ ቅዱና ስሙት

ጸሐፊው አንዴ አንብበው በስልክ ቀዳንላቸው። ሲሰሙት ጥያቄው ላይ ድምፃቸው አሁንም ወጥቷል። እዚያ ላይ ወረቀቱን እንዲያስቀምጡና እኔን እያዩ እንዲጠይቁኝ ነገርኳቸው። ወዲያው ወረደ። ንባብ ነበር ያስጮኻቸው። ቤት ውስጥ የሚሰማ ሰው ካለ ሌላ መለኪያ አያስፈልግም፤ ጥያቄው ጋ ስትደርሱ ፈገግ ካለ ወይም ስልኩን ካየ ተጋንኗል ማለት ነው።

ለአንድ ነገር ደግሞ ተዘጋጁ። የኛ ሰው ይመልሳል። መልስ የማይጠበቅበት ጥያቄ ነው ብትሉም ከኋላ የሆነ ሰው ይመልሳል፤ ያኔ እንዳልሰማ ሆኖ ማለፍ ትወናውን ያጋልጣል።

ጉባኤው ላይ ጸሐፊው «ታዲያ ድንኳኑን በምን እንግዛው?» ብለው ዝም አሉ። አንዲት እናት ከሁለተኛው ረድፍ «በብር ነዋ!» አሉ። ቤቱ በሣቅ ሞላ። ጸሐፊውም ሣቁና «እኔም እሱን ልልዎት ነበር፣ እማማ» አሉ። ከዚያ ወደ 100 ብሩ ገቡ።