የተደራሽነት ገንዘብ የት ደረሰ? የአንድ ትምህርት ቤት ግንባታን በጀት እስከ መወጣጫው ድረስ መከታተል

የወረዳ ምክር ቤት ያጸደቀውን በጀት ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ቢያነቡት «ተደራሽነት» የሚል የሒሳብ መደብ አያገኙም። የመንግሥት ወጪ በእኛ አገር የሚመዘገበው በተገዛው ነገር ዓይነት ነው፤ በ6100 የሠራተኛ ክፍያ፣ በ6200 ዕቃና አገልግሎት፣ በ6300 ቋሚ ንብረትና ግንባታ፣ በ6400 ሌሎች ክፍያዎች። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሠራው መወጣጫ ከመማሪያ ክፍሉ ግንባታ ጋር በአንድ ቁጥር ይገባል፤ የብሬይል ወረቀት ከጽሕፈት መሣሪያው ጋር፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው ክፍያም ከሌሎች የአገልግሎት ክፍያዎች ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ «ዘንድሮ ለተደራሽነት ስንት ዋለ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይገምታል፣ ወይም የፕሮጀክቱን ጠቅላላ ዋጋ ይጠራል።

ግምቱን በእውነተኛ ቁጥር መተካት ይቻላል። መንገዱን በግንባታ ላይ አሳያለሁ፤ ትልቁ ገንዘብ ያለው እዚያ ነው፣ ሳይታይ የሚጠፋውም እዚያ ነው። ምሳሌው ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው፤ በአንድ የወረዳ ከተማ የሚሠራ ባለ 8 ክፍል የትምህርት ቤት ሕንፃ፣ የውል ዋጋው ከታክስ በፊት 18,000,000 ብር።

በመጀመሪያ ምን እንደሚቆጠር ይወስኑ

ይህን ሳይወስኑ ሰነድ መሰብሰብ የጀመረ ሰው በኋላ ቁጥሩ ለፈለገው መልስ እንዲስማማ ማድረጉ አይቀርም። ሦስት ደንቦች ይበቃሉ።

ለተደራሽነት ብቻ ተብሎ የተሠራ ነገር በሙሉ ዋጋው ይቆጠራል። መወጣጫውና የእጅ መደገፊያው እዚህ ይገባሉ።

ለማንኛውም መሠራቱ የማይቀር፣ ነገር ግን በተደራሽነት ምክንያት ዋጋው ከፍ ያለ ነገር በልዩነቱ ብቻ ይቆጠራል። ትምህርት ቤቱ በር ያስፈልገዋል፤ ለተሽከርካሪ ወንበር እንዲበቃ ሲሰፋ የጨመረው ዋጋ ብቻ ነው የተደራሽነት ገንዘብ።

አካል ጉዳተኞች የሚጠቀሙበት ሆኖ እንቅፋት የማስወገድ ሥራ ያልሆነ ወጪ በሌላ ዓምድ ይቀመጣል። የሰው ሠራሽ እግር ግዢ ወይም የልዩ ፍላጎት መምህር ደመወዝ ተገቢና አስፈላጊ ወጪ ነው፤ ከመወጣጫው ጋር ከተደመረ ግን ሕንፃው ክፍት መሆን አለመሆኑ ከቁጥሩ አይታወቅም። ለአንድ ተማሪ ወይም ሠራተኛ በግል የሚደረግ ማስተካከያም እንዲሁ ለብቻው ይያዝ። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ሁለቱን ይለያል፤ ተደራሽነት ማንም ሳይጠይቅ አስቀድሞ ለሁሉም የሚዘጋጅ ነው፣ ተመጣጣኝ ማመቻቸት ደግሞ ለአንድ ሰው ፍላጎት የሚሰጥ ምላሽ ነው።

ከእነዚህ ደንቦች ውጭ መቆጠር የሌለበት የፕሮጀክቱ ጠቅላላ ዋጋ ነው። ለጋሽ አገሮች እርዳታቸውን የሚመዘግቡበት የኦኢሲዲ የአካል ጉዳት ምልክት ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት 0፣ 1 ወይም 2 ይሰጣል፤ 0 የአካል ጉዳተኞች ማካተት ዓላማው ላልሆነ፣ 1 ከዓላማዎቹ አንዱ ለሆነ፣ 2 ዋና ዓላማው ለሆነ። ምልክቱ የፕሮጀክቱን ዓላማ ያሳያል፤ ከገንዘቡ ስንቱ ለዚያ ዓላማ እንደዋለ አያሳይም። 1 የተሰጠውን ፕሮጀክት በሙሉ ዋጋው የሚደምር ሪፖርት ሲያጋጥምዎ ቁጥሩን አይቀበሉት። በምሳሌያችንም ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ «18 ሚሊዮን ብር የፈጀ አካታች ትምህርት ቤት» ብሎ ሪፖርት አድርጓል እንበል።

አራት ሰነዶችን ይጠይቁ

የጸደቀው በጀት ብቻውን ብዙ አይናገርም። የሚያስፈልጉት የሥራውን ዓይነት፣ መጠንና ነጠላ ዋጋ የሚዘረዝረው ቢል ኦፍ ኳንቲቲ፣ ለሥራ ተቋራጩ የተፈጸሙት የክፍያ ሰርተፍኬቶች፣ በመካከል የወጡ የሥራ ለውጥ ትዕዛዞች እና የሕንፃው ንድፍ ናቸው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋና በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ብዙ ክፍያና የበጀት ዝውውር ስለሚፈጸም፣ ዓመቱን የሚመለከት ድምር ከሐምሌ በፊት አይሥሩ።

ሰነዶቹ ያሉት በፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱና ግንባታውን በሚያሠራው መሥሪያ ቤት ነው። በቃል ተጠይቆ ካልተገኘ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ አዋጁ ለምላሽ 30 ቀን ይሰጣል፣ አቤቱታ ካለዎትም ለእንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላሉ። ማመልከቻው ላይ «የበጀት መረጃ» ብለው አይጻፉ፤ ጠቅላላ ሠንጠረዥ ይሰጥዎታል። የውሉን ቁጥር ጠቅሰው አራቱን ሰነዶች በየስማቸው ይጠይቁ።

ከዝርዝሩ ውስጥ ነቅሰው ያውጡ

በቢል ኦፍ ኳንቲቲው ላይ «ተደራሽነት» የሚለውን ቃል መፈለግ ዋጋ የለውም። መወጣጫው በኮንክሪትና በሙሌት ሥራ፣ መደገፊያው በብረታ ብረት ሥራ ሥር ተበትኖ ሊሆን ይችላል። ንድፉን ጎን ለጎን ዘርግተው እያንዳንዱን ክፍል ከንድፉ ወደ ዝርዝሩ ይፈልጉ። በዚህ ደረጃ የሚያውቁት መሐንዲስ ለአንድ ከሰዓት ቢያግዝዎ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

በምሳሌያችን የሚከተለው ተገኝቷል። መወጣጫው 168,000 ብር፣ የእጅ መደገፊያው 72,000 ብር፤ ሁለቱም በሙሉ ዋጋ ይቆጠራሉ። ሰፊው የመጸዳጃ ክፍል 130,000 ብር ተይዞለታል፤ በዚያው ዝርዝር ውስጥ ያለው መደበኛ ክፍል 85,000 ብር ስለሆነ የሚቆጠረው ልዩነቱ 45,000 ብር ነው። ስምንቱ በሮች እያንዳንዳቸው ከመደበኛው በ1,500 ብር ይበልጣሉ፤ 12,000 ብር። ድምሩ 297,000 ብር ይመጣል፣ ከውሉ 1.65 በመቶ። ለተደራሽነት የታቀደው ገንዘብ ይህ እንጂ 18 ሚሊዮን አይደለም።

መነጻጸሪያ የሚሆን መደበኛ ዋጋ በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ፣ በዚያው ዓመት በዚያው አካባቢ ከተፈረመ ሌላ ውል ይውሰዱና ከየት እንደወሰዱት ማስታወሻ ይያዙ። የቆየ ዋጋ መጠቀም ልዩነቱን ያሳብጠዋል፤ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ባለፉት ዓመታት እንዴት እንደተለወጠ አንባቢ ያውቃል።

የታቀደውን ከተከፈለው ጋር ያስተያዩ

አሁን የክፍያ ሰርተፍኬቶቹን ይክፈቱ። እያንዳንዱ ሰርተፍኬት የትኛው ሥራ ምን ያህል እንደተከናወነና እንደተከፈለ ያሳያል። ቅድሚያ ክፍያን አይቁጠሩ፤ ሥራ ከመሠራቱ በፊት የተሰጠና ከኋለኞቹ ክፍያዎች እየተቀነሰ የሚመለስ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ያስቆጥርዎታል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው የሥራ ለውጥ ትዕዛዝ ነው። ገንዘብ ሲያጥር ቀድሞ የሚቀነሰው ሕንፃው ያለ እሱም «ያለቀ» የሚመስለው ሥራ ነው፤ መደገፊያ፣ ለዓይነ ስውራን የሚሆን የወለል ምልክት፣ የመጸዳጃ ቤት መያዣ ብረት። የውሉ ጠቅላላ ዋጋ ስለማይለወጥ በወረዳው የሒሳብ መግለጫ ላይ ምንም አይታይም። በምሳሌያችን የእጅ መደገፊያው 72,000 ብር በአንድ ትዕዛዝ ወደ አጥር ሥራ ተዛውሯል። ውሉ ዛሬም 18,000,000 ነው፤ ለተደራሽነት የተከፈለው ግን 225,000 ብር፣ ማለትም 1.25 በመቶ ሆኗል።

ሜትር ይዘው ይሂዱ

ብዙ ክትትል በወረቀቱ ላይ ይቆማል፤ እኔ ግን ይህን ደረጃ የዘለለ ቁጥር አላምንም። ተሽከርካሪ ወንበር ከሚጠቀም ሰው ጋር ወደ ሕንፃው ይሂዱ፤ በሜትር የማይለካውን እንቅፋት የሚነግርዎ እሱ ነው። የሕንፃው ወለል ከመሬት ያለውን ከፍታና የመወጣጫውን ርዝመት ይለኩ። በሰፊው የሚሠራበት መመዘኛ 1 ለ12 ነው፤ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲሜትር ከፍታ 12 ሳንቲሜትር ርዝመት። ወለሉ 60 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ ከሆነ መወጣጫው 7.2 ሜትር መርዘም አለበት።

እዚህ 4.2 ሜትር ሆኖ ተገኝቷል፤ 1 ለ7 ማለት ነው። አብዛኛው የተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ በራሱ ክንድ ሊወጣው አይችልም፣ መውረዱም አደገኛ ነው። ሰፋፊዎቹ በሮች በዚህ መወጣጫ ማዶ ስላሉ እነሱም አይደረስባቸውም። መጸዳጃ ቤቱ ለብቻው በሜዳ ላይ በመሠራቱ ይደረስበታል፣ ውስጡም ተሽከርካሪ ወንበር ያዞራል። ስለዚህ ከተከፈለው 225,000 ብር ሥራ ላይ የዋለው 45,000 ብር ነው፤ ከውሉ 0.25 በመቶ።

ሁሉንም በአንድ ሠንጠረዥ ይያዙ፤ ሥራው፣ የተቆጠረበት ደንብ፣ የታቀደው፣ የተከፈለው፣ «ይሠራል?» የሚለው መልስ በቅደም ተከተል ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው ዓምድ። በኤክሴል የሚሠራውን ክፍል ድምር ይህ ቀመር ያወጣል፦

```
=SUMIFS(D:D,E:E,"አዎ")
```

ቁጥሮቹን ሲያቀርቡ

ሦስቱን ቁጥሮች አብረው ያቅርቡ፤ የታቀደ 297,000፣ የተከፈለ 225,000፣ የሚሠራ 45,000። ለየብቻ ከተነገሩ እያንዳንዱ የተለየ ታሪክ ያወራል። መቶኛውን ከሌላ ወረዳ ጋር ለማወዳደር አይቸኩሉ። ሜዳ ላይ የተሠራ ሕንፃ ረጅም መወጣጫ አያስፈልገውም፤ ትንሽ ገንዘብ አውጥቶ ሙሉ በሙሉ ተደራሽ ሊሆን ይችላል። መቶኛው የሚጠቅመው ያንኑ መሥሪያ ቤት ከዓመት ዓመት ለማየት ነው።

ከዚያ ወደ ንድፉ ይመለሱ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚለየው እሱ ነው። ንድፉ 7.2 ሜትር ካለና የተሠራው 4.2 ከሆነ፣ የሥራ ተቋራጩ በጉድለት ማስተካከያው ጊዜ ውስጥ በራሱ ወጪ እንዲያስተካክል ለአሠሪው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ደብዳቤው ለማስተማመኛ ከተቋራጩ ክፍያ ላይ የተያዘው ገንዘብ ከመለቀቁ በፊት መድረስ አለበት። ንድፉ ራሱ 4.2 ካለ ግን ተቋራጩን መጠየቅ አይቻልም፤ ማስተካከያው አዲስ በጀት ይፈልጋል። ያኔ ለሚመጣው ዓመት በሚቀርበው የበጀት ጥያቄ ውስጥ መወጣጫው ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው፣ ከገንዘቡ ጎንም «ርዝመት 7.2 ሜትር፣ በሁለቱም ወገን መደገፊያ ያለው» ተብሎ ይጻፍ።